ምስክሩ የጠፋበት ምስክርነት፤ የአለቃ የድጋፍ ደብዳቤ በአማርኛ

1. መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ስለ ደብዳቤ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የነገሥታቱ ደብዳቤ ወይም በልቦለድ ውስጥ የሚገኘው የፍቅር ደብዳቤ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በየቀኑ የሚጻፈው፣ የሰውን እንጀራ የሚወስነው ደብዳቤ ግን «የጽሕፈት ቤት ሥራ» ተብሎ ከጥናት ውጪ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱን፣ ማለትም አንድ የቅርብ አለቃ ወደ ተሻለ የሥራ መደብ ለመዛወር በሌላ መሥሪያ ቤት ለሚወዳደር ሠራተኛው የሚጽፈውን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከቋንቋው አንጻር ይመለከታል።

ጽሑፉ የሚያነሣው ነጥብ አንድ ነው። የአማርኛው የድጋፍ ደብዳቤ ደካማ የሚሆነው ሙገሳ ስለሚያንሰው አይደለም፤ ሙገሳስ ሞልቶታል። የሚደክመው ምስክሩ፣ ማለትም ያየው ሰው፣ ከደብዳቤው ውስጥ ስለሚጠፋ ነው። ምስክሩን የሚያጠፉትም የምናውቃቸው የሰዋስውና የአጻጻፍ ልማዶች ናቸው። እነዚህን ልማዶች አንድ ለማሳያ በተዘጋጀ ደብዳቤ ላይ እያንዳንዳቸውን እናያለን፤ ከዚያም ደብዳቤውን መልሰን እንጽፈዋለን።

2. ሦስት ወረቀቶች፣ ሦስት ተግባራት

ወደ ቋንቋው ከመግባታችን በፊት የድጋፍ ደብዳቤን ከሁለት ጎረቤቶቹ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙው ስሕተት የሚመነጨው ሦስቱ ከመደባለቃቸው ነው።

የመጀመሪያው ጎረቤት የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ይህን አሠሪው የሚሰጠው በፈቃዱ ሳይሆን በግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 ከአሠሪው ግዴታዎች አንዱ አድርጎ እንደሚዘረዝረው፣ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው ሠራተኛው ይሠራ የነበረውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ይሰጠዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ የጠየቃቸው ሦስቱም ነገሮች ከመዝገብ የሚገለበጡ መሆናቸው ነው። አንዳቸውም አስተያየት አይደሉም። ስለዚህ ይህን ማስረጃ ሠራተኛውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ ሊያዘጋጀው ይችላል፤ «እኛ» ብሎ መጻፉና ማኅተም መምታቱም ተገቢ ነው፤ የሚናገረው መሥሪያ ቤቱ ነውና።

ሁለተኛው ጎረቤት ዋስትና ነው። ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሲቀጠር ተያዥ እንዲያመጣ የሚጠየቅበት ልማድ የታወቀ ነው። በዚህም የተነሣ ብዙ አለቆች በድጋፍ ደብዳቤ «ታማኝ ነው» ብለው ሲፈርሙ ነገ ለሚጎድለው ንብረት ተጠያቂ የሚሆኑ ይመስላቸዋል። ስጋቱ መሠረት የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት እንደማይፈጠር፣ በግልጽ መነገር እንዳለበት፣ ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም ካልተወሰነ ውሉ እንደማይጸና ደንግጓል። ሆኖም ስጋቱ በቋንቋው ላይ ምልክቱን ትቷል። ፈሪ አለቃ ደብዳቤውን ስፋት ባላቸው፣ የትም በሚገቡ ቃላት ይሞላዋል፤ ምንም ካልተናገረ ምንም አይጠየቅምና።

የድጋፍ ደብዳቤ ከሁለቱም የተለየ ነው። ያለፈውን ከመዝገብ አይገለብጥም፤ ለሚመጣውም ዋስ አይሆንም። አንድ ሰው ሌላውን ሰው ሲሠራ አይቶት፣ ያየውን ላላየው የሚነግርበት ነው። በአጭሩ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነትም ያለ ምስክር አይቆምም።

3. የተለመደው ደብዳቤ ሲነበብ

አንዲት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ በአንድ ትልቅ ድርጅት ለወጣ የንብረት አስተዳደር ቡድን መሪነት መደብ ያመለክታሉ እንበል። ስማቸውን ወይዘሮ እገሊት ብለን እንጥራቸው። አለቃቸው የሚከተለውን ጽፈው ሰጧቸው።

«ወ/ሮ እገሊት በመሥሪያ ቤታችን በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኝነት ያገለገሉ ሲሆን፣ በሥራ ቆይታቸው ታማኝ፣ ታታሪ፣ ትጉህና በመልካም ሥነ ምግባር የታነፁ ነበሩ። የተሰጣቸውንም ሥራ አቅማቸው በፈቀደ መጠን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአግባቡ ሲያከናውኑ ቆይተዋል። ስለዚህ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ጸሐፊው ክፉ አላሰቡም። እንዲያውም የሚያውቁትን ምስጋና ሁሉ ደርድረዋል። አንባቢው፣ ማለትም የቀጣሪው ድርጅት ሹም፣ ከዚህ ደብዳቤ ምን እንደሚያገኝ ግን እንመርምር።

መጀመሪያ ግሡን እንይ። «ያገለገሉ»፣ «የታነፁ ነበሩ»፣ «ሲያከናውኑ ቆይተዋል» የሚሉት ሁሉ ያለቀ ነገር ይናገራሉ። ወይዘሮ እገሊት ግን ዛሬም በሥራቸው ላይ ናቸው። አንባቢው «ነበሩ»ን ሲያይ «ተሰናብተው ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ይባስ ብሎ «ታማኝ ነበሩ» የሚለው «አሁንስ?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ለተሰናባች ስለሚጻፍ የኃላፊ ጊዜ ግሡ ከዚያ ተወርሶ የመጣ ይመስላል። በሥራ ላይ ላለ ሰው የሚገባው «በማገልገል ላይ ይገኛሉ»፣ «ናቸው»፣ «ያከናውናሉ» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የአንቱታው ነው። በአፍ «አንቺ» የምትባል ወጣት ሠራተኛ እንኳ በደብዳቤ «እርሳቸው» ትባላለች፤ ይህ የማይታለፍ ወግ ነው። ነገር ግን በአማርኛ የአክብሮቱ ሦስተኛ መደብና የብዙው ሦስተኛ መደብ በግሥ ላይ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። «እርሳቸው ሠርተዋል» እና «እነርሱ ሠርተዋል» ከባለቤቱ ስም በቀር ልዩነት የላቸውም። እንግዲህ «ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአግባቡ ሲያከናውኑ ቆይተዋል» ሲባል ሥራውን ያከናወነው ማን ነው? ሴትዮዋ ናቸው ወይስ ቡድኑ? ለቡድን መሪነት የሚወዳደር ሰው ራሱ ያደረገውን ከሌሎቹ ድርሻ ለይቶ ማሳየት የሚፈልግበት ቦታ ይኸው ነበር፤ ሰዋስው ግን ደበላለቀው። መፍትሔው አንቱታውን መተው አይደለም። ባለቤቱን መድገም፣ «ራሳቸው»፣ «በግላቸው» የሚሉትን መጨመር፣ የቡድኑን ሥራ በሌላ ዐረፍተ ነገር መለየት ነው።

ሦስተኛው «የተሰጣቸውን ሥራ» እና «አቅማቸው በፈቀደ መጠን» የሚሉት ሁለት ሐረጎች ናቸው። ሁለቱም ከልማድ ብዛት ጸሐፊው ሳያስባቸው ከብዕሩ የሚወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሠራተኛዋን ሥራ የሚሰጣት እንጂ ሥራ የምታይ አያደርጋትም። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አቅም የፈቀደው መጠን ምን ያህል እንደነበረ ሳይነገር ቀርቷልና አንባቢው ትንሽ ነበር ብሎ ይገምታል።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢን ጠባይ ማስታወስ ይገባል። ሰምና ወርቅን ሲሰማ ያደገ አንባቢ ከሚነገረው ጀርባ የተሸሸገውን መፈለግ ልማዱ ነው። ቅኔ ሲሆን ይህ ደስታ ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ ሲሆን ግን ለባለጉዳይዋ አደጋ ይሆናል። ጸሐፊው ምንም ወርቅ ባላስቀመጡበት ቦታ አንባቢው ወርቅ ቆፍሮ ያወጣል፤ የሚያወጣውም ዘወትር ነቀፋ ነው። ስለ ጠባይ ብዙ ተብሎ ስለ ሥራ ጥቂት ሲባል «ሥራ አትችልም ማለት ነው» ይላል። ሙገሳው ሲበዛ «ሊገላገሏት ነው» ይላል። ይህን ንባብ መከልከል አይቻልም። የሚቻለው ለትርጓሜ ክፍት የሆነውን ቦታ በተጨባጭ ነገር መሙላት ነው። ለምሳሌ «በ4 ቆጠራዎች ጉድለት አልተገኘም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሰም ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሚቆፈር የለውም።

አራተኛውና የመጨረሻው የማሳረጊያው ነገር ነው። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚለው ደብዳቤውን ከምስክርነት ወደ ልመና ይለውጠዋል። ምስክር ያየውን ተናግሮ ያበቃል፤ ፍርዱን ለዳኛው ይተዋል። ከዚህም ሌላ «እንጠይቃለን» ያለው ማን ነው? በመላው ደብዳቤ አንድም «እኔ» የለም። «መሥሪያ ቤታችን» አለ፤ መሥሪያ ቤት ግን ዓይን የለውም።

4. «ታማኝ» ስንል

በተለመደው ደብዳቤ ውስጥ ፊተኛው ቅጽል «ታማኝ» ነው። ደብዳቤው ስለ አስተማማኝ ሠራተኛ የሚመሰክር ከሆነ ዋናው ቃልም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ቆም ብሎ መፍታት ይገባል።

«ታማኝ» አመነ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል። አንደኛው እጁ ንጹሕ የሆነ፣ ገንዘብና ንብረት የማያጎድል ማለት ነው። ሁለተኛው ለጌታው፣ ለአለቃው ወይም ለድርጅቱ የማይከዳ ማለት ነው። ሦስተኛው በተባለው ቀን የተባለውን ሥራ የሚያደርስ፣ ሌላው ሰው ተማምኖ የራሱን ሥራ የሚያቅድበት ማለት ነው። ሦስቱ አብረው ላይገኙ ይችላሉ። ሳንቲም የማይነካ ሰው ሪፖርቱን ዘወትር ሊያዘገይ ይችላል። ለአለቃው የማይከዳ ሰው አለቃው ያጠፋውን ሊሸፍን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ታማኝነት የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል።

በተለይ ሁለተኛው ትርጉም በድጋፍ ደብዳቤ ላይ ችግር አለበት። አመልካቹ መሥሪያ ቤቱን ለመልቀቅ የሚፈልግ ሰው ነው። ለመሥሪያ ቤታችን ታማኝ ናቸው ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው «ታዲያ ለምን ይለቃሉ?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ጥያቄ በማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ስለሚነሣ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ አለበት። ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ከያዙት በላይ የሆነ ክፍት መደብ የለም። ይህ ካልተነገረ አንባቢው የራሱን መልስ ይፈጥራል።

ከሦስቱ የትኛው ትርጉም እንደተፈለገ የሚያሳየው ቅጽሉ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣው ድርጊት ነው። ድርጊቱም እንዲሁ ማንኛውም ድርጊት መሆን የለበትም። አስተማማኝነት የሚታየው ማጉደል በሚቻልበት፣ አንዳንዴም ማጉደል በሚቀልበት ሰዓት ነው። የቋንቋችን «አደራ» የሚለው ቃል ይህን ከ«ታማኝ» ይልቅ በደንብ ይይዛል፤ አደራ ባለቤቱ በሌለበት የሚጠበቅ ነገር ነውና። ስለዚህ ደብዳቤ ጸሐፊው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ብሎ ሳይሆን «ማንም ሳያያቸው ወይም መጠንከር በማይመችበት ጊዜ ምን አደረጉ?» ብሎ ነው።

5. ደብዳቤው እንደገና ሲጻፍ

የወይዘሮ እገሊት አለቃ ይህን ጥያቄ ራሳቸውን ጠየቁ እንበል። የሚያስታውሱትንም በወረቀት ላይ አሰፈሩ። በግምጃ ቤቱ ውስጥ 1,400 ያህል የዕቃ ዓይነት አለ። ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 ይመዘገባል፤ እያንዳንዱ ዕቃም መደርደሪያው ላይ ቢን ካርድ አለው። በየዓመቱ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ በሰኔ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ የሌሉበት ኮሚቴ ቆጥሮ ከካርዱ ጋር ያመሳክራል። አለቃው ይህን ቆጠራ 4 ጊዜ አይተዋል። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ትዝ አላቸው፤ በመጀመሪያ ሊጽፉት አፍረውበት የነበረ ነገር ነው። ደብዳቤውን እንዲህ አድርገው ጻፉት።

«ቀን፡ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሚመለከተው ሁሉ

ጉዳዩ፡ ስለ ወ/ሮ እገሊት የሥራ ብቃት ምስክርነትን ይመለከታል

ወ/ሮ እገሊት ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኝነት በማገልገል ላይ ይገኛሉ። እኔ ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ወዲህ የቅርብ አለቃቸው ስሆን ከዚህ በታች የምጽፈው በእነዚህ 4 ዓመታት ውስጥ ራሴ ያየሁትን ነው።

ወ/ሮ እገሊት ወደ 1,400 የሚደርስ የዕቃ ዓይነት ይይዛሉ። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. በየሰኔው በተደረጉት 4 ቆጠራዎች በካርዱና በመደርደሪያው መካከል ልዩነት አልተገኘም። ቢን ካርዱን በዕለቱ የመሙላትን ልማድ በግምጃ ቤቱ ያስጀመሩት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በፊት የሚሞላው በሳምንቱ መጨረሻ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ለአስቸኳይ ሥራ 12 የማተሚያ ቀለም ያለ ሞዴል 22 እንዲሰጡኝ በቃል አዘዝኋቸው። ወረቀቱ ሳይፈረም ዕቃ እንደማያወጡ በትሕትና ነገሩኝ። በወቅቱ ተቆጥቻለሁ። ቅጹ ተሞልቶ ከተፈረመ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዕቃውን አዘጋጅተው ላኩልኝ። ትክክለኞቹ እርሳቸው ነበሩ።

ወ/ሮ እገሊት እስካሁን ሠራተኞችን በኃላፊነት አልመሩም፤ በዚህ ረገድ የምመሰክረው የለኝም። ሆኖም ለ2 አዲስ ሠራተኞች የካርድ አያያዝ ያስተማሩት ብቻቸውን ሲሆን፣ ሁለቱም ዛሬ ሥራውን ያለ ረዳት ይሠራሉ።

ለሌላ መደብ የሚወዳደሩት በመሥሪያ ቤታችን በሙያቸው ከያዙት ደረጃ በላይ ክፍት ቦታ ባለመኖሩ ነው። ቢሄዱ ክፍሌ ይጎዳል፤ ያም ሆኖ ለመደቡ ይመጥናሉ ብዬ አምናለሁ። ተጨማሪ ማብራሪያ ለሚፈልግ በስልክ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ታማኝ»፣ «ታታሪ»፣ «ትጉህ» የሚሉት ቃላት አንድም ቦታ የሉም። አንባቢው ግን ሦስቱንም ራሱ ይላቸዋል፤ ራሱ ያለውንም አይጠራጠረውም። ስለ ቀለሙ የተነገረው አንቀጽ በተለይ ሊስተዋል ይገባል። አለቃው የራሳቸውን ስሕተት ስለተናገሩ ስለ ሠራተኛዋ የተናገሩት ሁሉ ተዓማኒነት አገኘ። በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ለማስመሰል የሚጽፍ አይመስልም። ዝርዝሩም «ታማኝ» የሚለውን አሻሚ ቃል በማያሻማ መንገድ ይፈታዋል፤ ወይዘሮ እገሊት አደራውን የጠበቁት ከአለቃቸው ፈቃድ ተቃራኒ ሆነው ነው።

«የምመሰክረው የለኝም» የሚለው ዐረፍተ ነገርም ባለጉዳይዋን የሚጎዳ ሊመስል ይችላል። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ያነሰ ነው። ቡድን አለመምራታቸውን ድርጅቱ ከማመልከቻቸው ያውቀዋል። አለቃው ባይናገሩት አንባቢው እንደ ሸሸጉት ይቆጥር ነበር፤ ስለተናገሩት ግን ምስክርነታቸው ወሰን ያለው ሆነ፤ ወሰን ያለው ምስክርነት ደግሞ በወሰኑ ውስጥ ይታመናል።

6. ከአጻጻፉ ውጪ የሚገጥሙ ችግሮች

የመጀመሪያው በብዙ ቦታ የተለመደው «አንቺው ጽፈሽ አምጪውና እፈርማለሁ» የሚባለው ነው። ሠራተኛዋ ስለ ራሷ ስትጽፍ ወይ ታፍራለች ወይ ታጋንናለች፤ በሁለቱም መንገድ የምትሸሸው ወደ ቅጽሎቹ ነው። ከዚህም በላይ የቀለሙን ታሪክ እርሷ ልትጽፈው አትችልም፤ የአለቃዋን ስሕተት በአለቃዋ ስም መጻፍ ይሆንባታልና። ጊዜ የሌለው አለቃ ሠራተኛዋ ቀኖችንና ቁጥሮችን ብቻ በዝርዝር እንድታመጣ ቢጠይቅና ያየውን ግን ራሱ ቢጽፍ ሥራው ይቀልለታል፤ ምስክርነቱም አይጠፋም።

ሁለተኛው የማኅተሙ ነገር ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት በማኅተምና በመዝገብ ቤት ቁጥር የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በ«እኛ» እንዲጻፍ ይፈልጋል። እንዲህ ሲሆን ወረቀቶቹን መለየት ይሻላል። ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ማስረጃ ከሰው ኃይል አስተዳደር ይውጣ፤ የአለቃው ደብዳቤ ደግሞ በስማቸው፣ በማዕረጋቸውና በፊርማቸው ከእርሱ ጋር ይያያዝ።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ቀጣሪው ደውሎ ሲጠይቅ በጽሑፍ የተባለው በድምፅ ይፈተናል። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ምዕላድ ብዙ ታበላሻለች። «ሥራቸውንስ ያውቃሉ» ብሎ የጀመረ አለቃ ባያስበውም በ«ስ» ምክንያት አድማጩ «ግን...» የሚለውን ይጠብቃል። «ሥራቸውን ያውቃሉ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

የመጨረሻው አለቃው በሠራተኛው የማይተማመን ሲሆን ነው። ያን ጊዜ በባዶ ሙገሳ ማሸብረቅም ሆነ በሰምና ወርቅ መውጋት ተገቢ አይደለም። የሥራ ልምድ ማስረጃው መብቱ ስለሆነ ይሰጠዋል፤ የድጋፍ ደብዳቤውን ግን እንደማይጽፍለት ፊት ለፊት ሊነግረው ይገባል።

7. ማጠቃለያ

የተመለከትናቸው ልማዶች፣ ማለትም ያለቦታው የሚገባው ኃላፊ ጊዜ፣ ግለሰቡን ከቡድኑ የማይለየው የአንቱታ ግሥ፣ «የተሰጣቸውን ሥራ» እና «አቅማቸው በፈቀደ መጠን» የሚሉት ሐረጎች፣ የቅጽሎቹ ድርድር፣ ማን እንደሆነ የማይታወቀው «እኛ» ሁሉም አንድ ውጤት አላቸው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳየ አይታወቅም። ወይዘሮ እገሊት በሁለቱም ደብዳቤዎች ውስጥ ያው ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ከሌላ ከማንኛዋም ሠራተኛ አይለዩም፤ በሁለተኛው ግን ያልተፈረመበት ዕቃ ለአለቃቸውም ቢሆን አላወጣም ያሉት ሴት ናቸው። ቡድን መሪ የሚፈልገው ድርጅት ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው ይህችኛዋን ነው።